በመንገድ የተሰበረ ቴሌቪዥን፦ ከሻጩና ከአድራሹ ድርጅት የሚጠየቀው የትኛው ነው?

የሆጤዋ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ደሴ ነዋሪ ነኝ። ለገጠመኝ ችግር ሕግ የሚያውቅ ወይም በንግዱ ውስጥ ያለ ሰው እንዲረዳኝ ነው የምጽፈው።

አዲስ አበባ ከሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን በቴሌግራም አዝዤ ሙሉውን 38,500 ብር በባንክ አስገባሁ። ዕቃውን የሚያመጣውን አድራሽ ድርጅት የመረጠውም፣ የማጓጓዣውን ሂሳብ የከፈለውም ሱቁ ነው። ዕቃው ደሴ ሲገባ ከድርጅቱ ቅርንጫፍ ተደውሎ «ለጊዜው ቤት የሚያደርስ መኪና ስለሌለን መጥታችሁ ውሰዱ» ተባልኩ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ታናሽ ወንድሜ ሄዶ ተረከበ፣ በማስረከቢያ ቅጹም ላይ ፈረመ። ካርቶኑ እንደታሸገ ነበር፤ ከታች በኩል ያለው አንዱ ማዕዘን ግን ገባ ብሎ ተጨፍልቋል። ወንድሜ ይህን አይቶ ለሠራተኛው ሲነግረው «የካርቶን ነገር ነው፣ ውስጡ ፎም አለው» ብሎ መለሰለት።

ማታ አውጥተን ስንከፍተው ድምፁ ይሰማል፣ መብራቱም ይበራል፤ የምስሉ ቀኝ ወገን ግን ቀለም እንደፈሰሰበት ጠቁሮ፣ የቀረው ላይ ቀጫጭን መስመሮች ከላይ እስከ ታች ወርደውበታል። በዚያው ሌሊት ፎቶና ቪዲዮ አንስቼ ለሱቁ ላክሁ። የሱቁ ባለቤት «ደህናውን ዕቃ ፈትሼ አስረክቤአለሁ፣ ከእጄ ከወጣ በኋላ ያለው የአድራሹ ጉዳይ ነው» አሉኝ። በማግስቱ ወደ ቅርንጫፉ ብሄድ ደግሞ «ታሽጎ ተቀበልን፣ ታሽጎ አስረከብን፣ ወንድምሽም በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ በሚለው ላይ ፈርሟል፤ ቢበዛ ቢበዛ የምንከፍለው በደረሰኙ ላይ የተመዘገበውን 5,000 ብር ነው» የሚል መልስ ሰጡኝ። 5,000 የሚለውን ቁጥር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለቱም በየፊናቸው ወደ ሌላው ያመለክታሉ፤ ዕቃው ግን ተሰብሮ ቤቴ ተቀምጧል። ጥያቄዬ አንድ ነው። በሕግ የምጠይቀው ሻጩን ነው ወይስ አድራሹን?

ባለሱቅ ከሰኞ ገበያ

እህቴ፣ በደረሰብሽ ነገር አዝኛለሁ። እኔም ለዓመታት ሸቀጥ ከመርካቶ እያስመጣሁ የምነግድ ሰው እንደመሆኔ የማውቀውን ልንገርሽ። በነጋዴ ዘንድ ያለው ሥርዓት ዕቃው ለአጓጓዥ ተሰጥቶ ደረሰኝ ከተቆረጠ የሻጭ ድርሻ አበቃ የሚል ነው። እኔ መርካቶ ያለውን ጅምላ አከፋፋይ ዕቃዬ መንገድ ላይ ተጎዳ ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም አይሰማኝም። የምጠይቀው የጫነውን ሰው ነው። ስለዚህ ሻጩን መውቀስ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

በአድራሹ በኩል ደግሞ ችግሩ ፊርማው ነው። ወንድምሽ ካርቶኑ መጨፍለቁን እያየ መፈረም አልነበረበትም። አንድ ሰው ደህና ተረከብኩ ብሎ ከፈረመ በኋላ ተመልሶ ተሰብሮብኛል ቢል የሚያምነው ያገኛል ብዬ አላስብም። 5,000 ብሩን ተቀብለሽ ነገሩን ብትዘጊው እመክራለሁ።

ጠበቃ ዘወልድያ

ጠያቂያችን እባክዎ 5,000 ብሩን አሁን እንዳይቀበሉ። ሲከፍሉ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ማስፈረማቸው አይቀርም፤ ያን ከፈረሙ በኋላ ደግሞ ክርክሩ በእጅጉ ይከብድብዎታል።

የሰኞ ገበያው ወንድማችን የተናገሩት ለእርሳቸው ግብይት ትክክል ነው፤ ለእርስዎ ግን ትክክል ላይሆን ይችላል። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2323 ዕቃው የጠፋው ወይም የተበላሸው ኃላፊነቱ ወደ ገዢው ከተላለፈ በኋላ ከሆነ ገዢው ዋጋውን ከመክፈል አይድንም ይላል። ቁጥር 2324 ደግሞ ኃላፊነቱ የሚተላለፈው ዕቃው በውሉ መሠረት ለገዢው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ጉዳዩ በሙሉ የሚንጠለጠለው «በውሉ መሠረት» በሚለው ላይ ነው። ወንድማችን መርካቶ ሄደው ዕቃ ሲገዙ፣ አጓጓዡንም ራሳቸው ሲያነጋግሩ ርክክቡ እዚያው መርካቶ ተፈጽሟል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ የእርሳቸው ነው። ሻጭ «ደሴ ድረስ አመጣልሻለሁ» ብሎ ከተዋዋለ ግን ግዴታውን የሚጨርሰው ደሴ ላይ ነው፤ በመሃል የቀጠረው አድራሽ የእርሱን ግዴታ የሚፈጽምለት ሰው ነው እንጂ የገዢዋ እጅ አይደለም።

ስለዚህ ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገር እንዲነግሩን እለምናለሁ። የሱቁ ማስታወቂያና ከእርስዎ ጋር የተጻጻፉት መልእክት ስለ ማድረስ ምን ይላል? በመላኪያ ደረሰኙ ላይስ ላኪ፣ ተቀባይ፣ የዕቃው ዓይነትና ዋጋ ተብሎ የተጻፈው ምንድን ነው?

የሆጤዋ

ጠበቃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን፤ የማጓጓዣ ሂሳብ በእኛ።» እኔም ከመክፈሌ በፊት «ተሰባሪ ስለሆነ እንዴት ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠይቄ ባለቤቱ «አያስቡ፣ ዕቃውን እጅዎ ላይ እናስረክባለን» ብለው በጽሑፍ መልሰውልኛል። መልእክቱ አሁንም አለ።

በመላኪያ ደረሰኙ ላይ ላኪ የሚለው የሱቁ ስም ነው፤ ተቀባይ እኔ ነኝ። የዕቃው ዓይነት «ኤሌክትሮኒክስ» ተብሎ ብቻ ተጽፏል። «ተሰባሪ» የሚለው ሳጥን ምልክት አልተደረገበትም። የተገለጸ ዋጋ በሚለው ቦታ 5,000 ብር ተሞልቷል፣ መድን የሚለው ባዶ ነው። ከታች የላኪ ፊርማ አለ።

ማር ላኪ ከመርሳ

እኔም ተመሳሳይ በደል ስለደረሰብኝ ልናገር። ከላሊበላ የገዛሁትን ነጭ ማር በሁለት ጀሪካን አድርጌ አዲስ አበባ ላለች እህቴ በአድራሽ ድርጅት ልኬ ነበር። ሲደርስ አንደኛው ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ግማሹ ፈሷል፣ የሌሎች ሰዎች ዕቃም በማር ተለውሷል። ድርጅቱ ካሳ ሊከፍለኝ ይቅርና ለተበላሸው የሌላ ሰው ዕቃ ክፈል ብሎ ጠየቀኝ። እነዚህ ድርጅቶች ሁሉም አንድ ናቸው፤ ስለዚህ አድራሹን ብቻ ክሰሺ። ሻጩ ምን አደረገ? ዕቃውን ልኳል፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ጠበቃ ዘወልድያ

የመርሳው ወንድሜ፣ የእርስዎ ጉዳይ ከዚህኛው በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። እርስዎ ላኪ ነበሩ፣ ማሸጊያውንም የመረጡት እርስዎ ነዎት። አጓጓዥ ዕቃውን ከተቀበለበት ጊዜ ጀምሮ እስኪያስረክብ ድረስ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ ከዚህ ተጠያቂነት የሚድነው ጉዳቱ ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ ከዕቃው ከራሱ ባሕርይ ወይም ከላኪው ጥፋት የመጣ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። የላላ ክዳን የላኪ ጥፋት ነው ብለው ሊከራከሩዎት ችለዋል። ክዳኑ ጠብቆ ታስሮ እንደነበር የሚያሳይ ነገር ቢኖርዎት ውጤቱ ሌላ በሆነ ነበር።

ወደ ጠያቂያችን ልመለስ። የጻፉልን ነገር ጉዳዩን በእጅጉ ይለውጠዋል። «ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን» እና «እጅዎ ላይ እናስረክባለን» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ርክክቡ ደሴ ላይ እንዲፈጸም የተደረገ ስምምነት ናቸው ብዬ አምናለሁ። የቴሌግራም መልእክት ነው ተብሎ የሚናቅ ማስረጃም አይደለም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ውል ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል። ስለዚህ የመጀመሪያ ተጠያቂዎ ሻጩ ነው። ሻጩ ደግሞ በበኩሉ በላኪነቱ አድራሹን ይጠይቅ፤ ያ የእነርሱ የሁለቱ ውል ነው።

5,000 ብሩን በሚመለከት፣ ያን ቁጥር የሞላው ሻጩ ነው። እርስዎ 38,500 ብር የከፈሉበትን ዕቃ 5,000 ብሎ ያስመዘገበ ሰው የተረፈውን 33,500 ብር በእርስዎ ላይ ሊጥል የሚችልበት መንገድ አይታየኝም።

በአድራሽነት የምሠራ

በዚሁ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ በየትኛው ድርጅት እንደሆነ አልጠቅስም። ድርጅቶቹን በጅምላ መውቀስ ተገቢ ስላልመሰለኝ ከውስጥ ያለውን አሠራር ለማስረዳት ነው የምጽፈው።

የማጓጓዣ ሂሳብ የሚሰላው በክብደትና በርቀት ብቻ አይደለም። ላኪው ዋጋውን ከፍ አድርጎ ሲያስመዘግብና ተሰባሪ ነው ሲል ተጨማሪ ይከፍላል፤ ዕቃውም ለብቻው ይያዛል፣ ከላዩ ሌላ አይጫንበትም። ብዙ ሱቆች ያቺን ጭማሪ ለማዳን ሲሉ ዋጋውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይነቱንም «ኤሌክትሮኒክስ» ብለው ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ ጫኙ ካርቶኑን እንደ ማንኛውም ጭነት ነው የሚያየው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ እስኪደርስ፣ ከዚያም የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት እስኪወጣ ድረስ ጭነት በየመንገዱ ይወርዳል፣ ይጨመራል፣ ይደረደራል። ቆሞ መጓዝ የሚገባው ቴሌቪዥን ተጋድሞ ጆንያ ቢጫንበት ጫኙ ምን እንደሆነ አላወቀም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ለእህታችን የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገር። ካርቶኑ ላይ የፋብሪካው የብርጭቆ ምልክትና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ታትሞ ከሆነ የተቀበለው ሠራተኛ አላየሁም ማለት አይችልም። የደሴው ቅርንጫፍ ሠራተኛም የተጨፈለቀውን ማዕዘን ተቀባዩ ሲያሳየው «የካርቶን ነገር ነው» ብሎ ማለፉ ከአሠራራችን ውጭ ነው። ተቀባይ ጉዳት ካሳየ ካርቶኑ እዚያው በሁለቱ ፊት ተከፍቶ የጉዳት ቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት። አሁንም ቢሆን በጽሑፍ አመልክተው ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ማመልከቻዎን በመዝገብ ክፍል አስገብተው ኮፒው ላይ ማኅተም ያስደርጉ።

ባለሱቅ ከሰኞ ገበያ

የጠበቃውን ማብራሪያ አንብቤ ስለ ሻጩ የተናገርኩትን በከፊል መልሼ እያሰብኩበት ነው። «ቤት ድረስ» የሚለውን ቃል አላየሁትም ነበር። ስለ ፊርማው ግን አሁንም አልረካሁም። በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ በሚል ላይ የፈረመ ሰው እንዴት ተመልሶ ይጠይቃል?

ቴክኒሻን ከኮምቦልቻ

ቴሌቪዥን ጥገና ላይ የምሠራ ሰው እንደመሆኔ የፊርማውን ጥያቄ በሙያዬ በኩል ልመልስ፤ ሕጉን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ።

የዚህ ዓይነቱ ጉዳት ካርቶኑን ሳይከፍቱ ሊታይ የማይችል ነው። ከፍተውም እንኳ ሳያበሩት ላያዩት ይችላሉ። የዛሬዎቹ ስክሪኖች ከላይ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎባቸዋል፤ የሚሰበረው ከሥሩ ያለው መስተዋት ነው። በጣትዎ ቢዳብሱት ለስላሳ ነው፣ ምንም ስንጥቅ አይሰማም። ድምፅና መብራት እየሠራ ምስሉ ቀለም እንደፈሰሰበት ከጠቆረ መስተዋቱ ተሰንጥቆ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ወጥቷል ማለት ነው። የፋብሪካ ጉድለት እንዲህ አያሳይም፤ የፋብሪካ መስመር ቀጥ ያለና ንጹሕ ነው፣ አጠገቡ የጠቆረ ነገር የለውም። ስለዚህ ሻጩ «ፈትሼ ልኬአለሁ» ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ እርስዎም ቤት ካወጡት በኋላ አልጣሉት ከሆነ የተሰበረው በመንገድ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ክፍሉን ካጨለሙ በኋላ የስልክ መብራት ከጎን በኩል አጋድመው ያብሩበት። ስንጥቆቹ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ኮከብ ከተበተኑ በዚያ ነጥብ ላይ ጠንካራ ነገር መትቶታል። ከጠርዝ ወይም ከማዕዘን ተነሥተው ረጃጅም ሆነው ከሄዱ ግን ወድቆ በማዕዘኑ አርፏል፣ ወይም ተጋድሞ ጭነት ከላዩ ስላረፈበት ታጥፏል። ከዚያ የስንጥቁን መነሻ ከተጨፈለቀው የካርቶን ማዕዘን ጋር ያመሳክሩ፤ ፎሙም በዚያው በኩል ተሰባብሮ ወይም ተጫጭኖ እንደሆነ ይመልከቱ። ሦስቱ በአንድ ቦታ ከተገናኙ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ምስክር አያስፈልግም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ካርቶኑንም ፎሙንም እንዳይጥሉ፤ ማንም ሰው ዕቃውን እንዳይፈታው። የኋላ ብሎኑ አንዴ ከተነካ «እናንተ ናችሁ የሰበራችሁት» ይባላል። ስክሪኑን ማስቀየርም አይታሰብ፤ የስክሪኑ ዋጋ ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ጠበቃ ዘወልድያ

የኮምቦልቻው ወንድማችን የሰጡት ማብራሪያ ለፊርማው ጥያቄ የተሟላ መልስ ነው። ፊርማው የሚያስረዳው ተቀባዩ በዓይኑ ሊያየው የሚችለውን፣ ማለትም የካርቶኑን የውጭ ሁኔታ ነው። በታሸገ ካርቶን ውስጥ ስላለ የመስተዋት ስንጥቅ የተሰጠ ምስክርነት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። እርግጥ ነው ክርክሩን ያከብደዋል፤ ወንድማቸው «ማዕዘኑ ተጨፍልቋል» ብሎ በእጁ ከፊርማው አጠገብ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ በቀለለ ነበር። ሆኖም በዚያው ሌሊት ፎቶና ቪዲዮ መላካቸው፣ በማግስቱም ቅርንጫፉ ድረስ መሄዳቸው የፊርማውን ጉዳት በብዙ ያካክሰዋል። ሕጉ ገዢው ዕቃውን እንዳገኘ እንዲመረምርና ጉድለት ካየ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ነው የሚፈልገው፤ እርሳቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የሕግ ተማሪ ከደሴ

ለመማማር ያህል ሁለት ነገር ላክል። አንደኛ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ቀኑ ሳያልፍ በዚህም በኩል ለንግድና ገበያ ልማት መምሪያው ማመልከት ይቻላል። ሁለተኛ፣ አድራሹ በ5,000 ብር ገደብ የሚደበቅበት መንገድ ጠባብ ይመስለኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1887 ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን እንዲገድቡና ጥፋት ካላደረጉ በቀር አንጠየቅም ብለው እንዲስማሙ ይፈቅዳል፤ ጥፋት ካደረጉ ግን ይጠየቃሉ ማለት ነው። ተሰባሪ ምልክት ያለበትን ካርቶን አጋድሞ መጫን ደግሞ ግልጽ ጥፋት ነው።

ጠበቃ ዘወልድያ

የመጀመሪያው ሐሳብዎ ጠቃሚ ነው፤ ሻጩ ግን «ዕቃው ስሸጠው ጉድለት አልነበረበትም፣ ይህ የመንገድ ጉዳት ነው» ብሎ ይከራከርበታል። እኔ ርክክቡ ደሴ ላይ ስለሆነ በርክክቡ ጊዜ የነበረው ሁኔታ ነው የሚታየው ባይ ነኝ። ለማንኛውም በሁለቱም መንገድ ማመልከቱ አይጎዳም።

በሁለተኛው ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አልስማማም። የየብስ ጭነትን በሚመለከት ራሱን የቻለ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 547/1999 ነው። ልዩ ሕግ ባለበት አጠቃላዩን የውል ሕግ ብቻ ይዞ መከራከር በቂ አይሆንም። ላኪው ራሱ ፈርሞ ያስመዘገበው ዋጋ አድራሹን ምን ያህል ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ በባለሙያዎች መካከልም ክርክር ያለበት ነው። ጠያቂያችን ይህን ጭቅጭቅ ሻጩና አድራሹ እንዲጨቃጨቁበት ትተው የራሳቸውን መብት በሽያጩ ውል ላይ እንዲመሠርቱ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሆጤዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቴክኒሻኑን ምክር በዚያው ማታ ሞከርሁት። መብራቱን ከጎን ሳበራበት ስንጥቁ ከታችኛው ቀኝ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ላይ በሁለት ረጃጅም መስመር ይሄዳል። ካርቶኑ የተጨፈለቀውም በዚያው ማዕዘን ነው፤ የዚያ ወገን ፎም ለሁለት ተከፍሏል። ካርቶኑ ላይ የብርጭቆ ምልክትም ቀስትም ታትሟል። ሁሉንም ፎቶ አንስቻለሁ።

ቅርንጫፉም ማመልከቻዬን ማኅተም አድርጎ ተቀብሎ ቃለ ጉባኤ ተይዟል። በቃለ ጉባኤው ላይ «ካርቶኑ በአንድ ማዕዘን ተጎድቷል፣ ስክሪኑ ተሰንጥቋል» ተብሎ ተጽፏል፤ የጉዳቱ ምክንያት የሚለውን ግን ባዶ ትተውታል። አሁን ለሻጩ ምን ብዬ ልጻፍ? ክስ ቢያስፈልግስ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊኖርብኝ ነው?

ጠበቃ ዘወልድያ

ምክንያቱን ባዶ መተዋቸው አያሳስብዎ። የምክንያቱን ነገር ማስረዳት ያለበት ከኃላፊነት ለመዳን የሚፈልገው ወገን ነው።

ከክስ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1772 ጀምሮ የሚጠይቀው ነው። ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢጽፉት ይበቃል፦

> «በዚህ ቀን 38,500 ብር ከፍዬ የገዛሁትን ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ደሴ፣ እጄ ላይ ለማስረከብ በጽሑፍ ተስማምተናል። ዕቃው ደሴ ሲደርስ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ተገኝቷል። ጉዳቱንም ዕቃው በደረሰኝ ዕለት ሌሊት በፎቶና በቪዲዮ አስታውቄአለሁ፤ የአድራሹ ቅርንጫፍ የያዘው ቃለ ጉባኤ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ይህ ማስጠንቀቂያ በደረሰዎት በ10 ቀናት ውስጥ ዕቃውን በአዲስ እንዲለውጡልኝ ወይም ዋጋውን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ካልተፈጸመ ውሉን ሰርዤ ዋጋውን፣ የደረሰብኝን ኪሳራና ወጪ በፍርድ ቤት እጠይቃለሁ። የተጎዳው ዕቃ ሳይነካ ተቀምጧል፤ በማንኛውም ጊዜ በራስዎ ወጪ መውሰድ ይችላሉ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይተዉአት። ዕቃውንም ገንዘቡንም ይዘው ለመቅረት እንደማይፈልጉ ታሳያለች። ደብዳቤውን በቴሌግራምም፣ በአደራ ፖስታም ይላኩት።

የክሱን ቦታ በሚመለከት፣ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ሊቀርብ ይችላል። የርክክቡ ቦታ ደሴ ከሆነ ደሴ ላይ መክሰስ ይችላሉ። ሁለቱንም በአንድ መዝገብ ቢከሱ አይከፋም፤ ሻጩን ብቻ ቢከሱም እርሱ ራሱ አድራሹን ወደ ክርክሩ እንዲገባለት መጠየቅ ይችላል።

የሕግ ተማሪ ከደሴ

ጋሼ ጠበቃ፣ ሻጩ የአዲስ አበባ ነዋሪ ስለሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን አይሆንም? እንደዚያ ከሆነ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የሚቀርበው ለወረዳ ፍርድ ቤት ሳይሆን በውክልና ለሚያየው ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይመስለኛል።

ጠበቃ ዘወልድያ

ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ወረዳ ፍርድ ቤት ተከፍቶ በሥልጣን መቃወሚያ የተዘጋ መዝገብ ማየቴ አልቀረም። ክሱ ከመጻፉ በፊት ከሬጅስትራሩ ጋር መነጋገር ይሻላል።

የሆጤዋ

ማስጠንቀቂያውን ልኬ ነበር፤ መልስ መጥቷል። የሱቁ ባለቤት ድምፃቸው ተለውጧል። የቃለ ጉባኤውን ኮፒ ለአድራሹ ዋና መሥሪያ ቤት አቅርበው ካሳ እንደሚጠይቁ ነግረውኝ፣ ለእኔ ግን ግማሹን፣ ማለትም 19,250 ብር መልሰው የተሰበረውን ለእኔ ሊተዉልኝ ሐሳብ አቅርበዋል። እኔ ሙሉውን ነው የምፈልገው ብዬአለሁ። ምናልባት ሌላ ቴሌቪዥን ልከው የተሰበረውን እንዲወስዱ እንስማማለን፤ ካልሆነ ግን ወደ ክሱ እሄዳለሁ።

በአድራሽነት የምሠራ

በግማሽ አይስማሙ። ሱቁ ከዋና መሥሪያ ቤት የሚያገኘው 5,000 ብር ብቻ ቢሆን እንኳ ቀሪው ራሱ በሞላው ቅጽ የመጣበት ነው። ምትክ ለመላክ ከተስማሙ ደግሞ የተገለጸው ዋጋ ሙሉው እንዲሆንና «ተሰባሪ» የሚለው እንዲሞላ ይጠይቁ፤ የደረሰኙን ፎቶም ዕቃው ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ይላክልዎ። ሲደርስ ቅርንጫፉ ውስጥ ሶኬት አለ፤ ሳይፈርሙ በፊት ከፍተው አብርተው ይዩት። ይህን የሚከለክል ሠራተኛ ካለ ቅጹ ላይ «እንድፈትሽ አልተፈቀደልኝም» ብለው ጽፈው ይፈርሙ።

ባለሱቅ ከሰኞ ገበያ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ የራሴ ጥያቄ አለኝ። እኔም ለመርሳ፣ ለሐይቅና ለውጫሌ ደንበኞች ዕቃ እልካለሁ፤ በገጼ ላይም «ያሉበት እናደርሳለን» ብዬ ጽፌአለሁ። እንደ ጠበቃው አባባል ከሆነ መንገድ ላይ ለሚሰበር ለእያንዳንዱ ዕቃ ተጠያቂው እኔ ነኝ። «ዕቃው ደሴ መናኸሪያ ላይ ለአጓጓዥ ሲሰጥ ርክክቡ ተፈጽሟል» ብዬ ብለውጠው ያድነኛል?

ጠበቃ ዘወልድያ

ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት ያን ቃል አይቶ ከተስማማ በአብዛኛው ያድንዎታል፤ ከተከፈለ በኋላ በደረሰኝ ጀርባ የሚጻፍ ከሆነ ግን አያድንዎትም። ቃሉን ቢለውጡትም እንኳ ማሸጊያውና በመላኪያ ቅጹ ላይ የሚሞሉት ዋጋ የእርስዎ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል፤ ጉዳቱ ከእነዚህ ከመጣ መናኸሪያው ላይ ማስረከብዎ ብቻውን አይበቃም። አጓጓዡን ደንበኛው ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ሌላው መንገድ ነው፤ ያን ጊዜ «በእገሌ ላኩልኝ» የሚለውን መልእክቱን እንዳያጠፉት።